የኦሪፊስ ፕሌት ስኩዌር ሩት ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?

«ስኩዌር ሩት የሚያስፈልገው የድሮ ትራንስሚተሮች ቀጥተኛ ስላልነበሩ ነው፤ ዛሬ ዲጂታሎቹ ቀጥተኛ ስለሆኑ ነገሩ ልማድ ሆኖ ቀርቷል።» ይህን ኦሪፊስ ፕሌት ስለሚባለው የፍሰት መለኪያ የጻፈው አስተያየት ሰጪ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ነው። ከሥሩም ብዙዎች ተስማምተውለታል። አንድ ጊዜ ቢሆን በዝምታ ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን ይኸው ሐሳብ መልኩን እየቀያየረ በየጊዜው ይመጣል፤ አንዳንዱ «ማስተካከያ ቀመር» ይለዋል፣ አንዳንዱ «የመሣሪያው ጠባይ»። በዚህ እምነት ስኩዌር ሩቱን የሚያጠፋ ሰው፣ ቧንቧው ውስጥ ግማሽ ፍሰት እያለ ሩብ ብቻ የሚያሳይ መለኪያ ትቶ ይሄዳል።

ኦሪፊስ ፕሌት በሁለት የቧንቧ መገጣጠሚያ ፍላንጆች መካከል የሚቆም፣ መሐሉ የተበሳ የብረት ሰሌዳ ነው። ውሃው በቀዳዳው ሲያልፍ ከሰሌዳው በፊት ያለው ግፊት ከበስተኋላው ይበልጣል፤ ትራንስሚተሩ የሁለቱን ልዩነት በቀጫጭን ቱቦዎች ተቀብሎ በኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ትራንስሚተሩ ከጥንትም ቀጥተኛ ነው፤ ምልክቱ የግፊት ልዩነቱ ባደገበት ልክ ያድጋል። ከ0 እስከ 25 ኪሎፓስካል እንዲለካ ከተደረገ፣ ምልክቱ በዜሮ 4፣ በሙሉ ልክ 20 ሚሊአምፔር ስለሆነ፣ በ12.5 ኪሎፓስካል ላይ በትክክል 12 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ከእሱ የሚጠበቀው የግፊትን ልዩነት መናገር ነው፤ እሱንም በታማኝነት ይናገራል። ስኩዌር ሩቱ ያለው ውሃው ዘንድ ነው።

እንዴት ውሃው ዘንድ ሊሆን እንደቻለ ለማየት ጆንያዎችን እናስብ። እርስ በርስ ተነካክተው የተሰለፉ ጆንያዎች በዝግታ ወደ አንድ ጠባብ በር ይመጣሉ። በሩ ላይ የቆመ ሠራተኛ እያንዳንዱን ጆንያ ገፍቶ በፍጥነት ማሳለፍ አለበት። አሁን አለቃው «በደቂቃ የሚያልፈውን ቁጥር እጥፍ አድርግ» ይለዋል። ሠራተኛው የሚገፋቸው ጆንያዎች ቁጥር እጥፍ ሆነ፤ ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። በሩ አልሰፋም፤ ጆንያዎቹም ተነካክተው ነው የሚያልፉት፤ ስለዚህ እጥፍ ቁጥር እንዲያልፍ እያንዳንዱ ጆንያ በእጥፍ ፍጥነት መውጣት አለበት። እጥፍ ጆንያ፣ እያንዳንዱም በእጥፍ ፍጥነት፤ የሚያስፈልገው ግፊያ አራት እጥፍ ነው። ለሦስት እጥፍ ፍሰት ዘጠኝ እጥፍ ይጠይቃል። ፍሰቱ በሁለት በኩል ስለሚገባበት የግፊት ልዩነቱ ከፍሰቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። እኛ ደግሞ የምንለካው ግፊያውን፣ ማወቅ የምንፈልገው ፍሰቱን ስለሆነ፣ መንገዱን ወደ ኋላ እንመለሳለን፤ የካሬ መመለሻው ስኩዌር ሩት ነው። ከታች Q ፍሰቱ፣ ΔP የግፊት ልዩነቱ፣ K ደግሞ የሰሌዳውና የቧንቧው ቋሚ ቁጥር ነው።

```
Q = K × √(ΔP / ρ)
```

ጆንያው ከዚህም በላይ ያገለግለናል። የጆንያው ክብደት የፈሳሹ እፍግታ ነው፤ ከቀመሩ ውስጥ ρ የሚለው። ከበድ ያለ ጆንያ ለተመሳሳይ ፍጥነት ብዙ ግፊያ ይፈልጋል። ጆንያዎቹ በሩ ጋ ሲደርሱ ቀድሞውኑ በዝግታ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ሠራተኛው የሚጨምርላቸው የጎደለውን ፍጥነት ብቻ ነው፤ የቀዳዳውና የቧንቧው ስፋት ንጽጽር ወደ K የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ከጎን የሚመጡት ደግሞ በሩ ጠርዝ ላይ በአንድ ጊዜ መታጠፍ ስለማይችሉ ወደ መሐል ይጨናነቃሉ፤ ከቀዳዳው የሚወጣው የውሃ ጅረትም ከቀዳዳው ራሱ ይቀጥናል። ጠርዙ ስለታም በሆነ ሰሌዳ ላይ 0.6 ገደማ የሆነ ቁጥር የምናባዛው ባብዛኛው ለዚህ ነው። ያ ስለታም ጠርዝ ውሃው ከሚመጣበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ሰሌዳው ተገልብጦ ከገባ ጅረቱ ያን ያህል አይቀጥንም፣ የግፊት ልዩነቱ ያንሳል፣ መለኪያውም ከእውነተኛው ፍሰት አሳንሶ ይናገራል። ያልተጠየቅሁትን ነው የተናገርኩት፤ ግን ስንት ሰሌዳ ተገልብጦ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ምሳሌው የሚያበቃበትም ቦታ አለ። ፈሳሹ እንደ ማር ዝልግልግ ሆኖ በጣም በዝግታ ሲሄድ ግፊቱን የሚበላው ጆንያ ማፍጠን ሳይሆን መፋተግ ነው፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ከፍሰቱ ጋር በቀጥታ ወደ መሄድ ያዘነብላል። ስለዚህ ከባድ ዘይት በኦሪፊስ ፕሌት ሲለካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለውሃ፣ ለእንፋሎትና ለጋዝ በተለመደው ፍጥነት ግን ካሬው ጸንቶ ይቆያል።

ነገሩ ከዲጂታልም ሆነ ከአናሎግ ጋር እንደማይገናኝ ማየት የሚፈልግ ከሥሩ የተበሳ በርሜል ይመልከት። ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው ሥራ ከቀዳዳው የሚወጣው ውሃ ፍጥነት ከቀዳዳው በላይ ካለው የውሃ ቁመት ስኩዌር ሩት ጋር እንደሚሄድ አስቀምጧል። ቁመቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚያ ዘመን ቀጥተኛ የሚሆንም የማይሆንም ትራንስሚተር አልነበረም።

ወደ ቁጥር እንግባ። ውስጡ 100 ሚሊሜትር በሆነ ቧንቧ ላይ 60 ሚሊሜትር የተበሳ ሰሌዳ አለ እንበል፤ የሚያልፈው ውሃ ነው። የግፊት ልዩነቱ 25 ኪሎፓስካል ሲሆን ፍሰቱ በሰዓት 47 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ፍሰቱ ወደ ግማሽ፣ ማለትም ወደ 23.5 ሲወርድ ልዩነቱ 12.5 አይሆንም፤ 6.25 ነው። ወደ አሥረኛው፣ ወደ 4.7 ሲወርድ ደግሞ 0.25 ኪሎፓስካል ብቻ ይቀራል። አንድ መቶኛ ነው። ይህ 2.5 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚያሳድረው ግፊት ነው።

አሁን ዝቅተኛ ግፊት በሚያመጣው ቀጭን ቱቦ ውስጥ የአየር አረፋ ገብቶ 1 ሴንቲሜትር የውሃ ቁመት አጎደለ እንበል። ትራንስሚተሩ 0.1 ኪሎፓስካል ገደማ ጨምሮ ያያል። ፍሰቱ 47 በሆነበት ጊዜ ይህ ስሕተት ንባቡን ከ0.1 ሜትር ኩብ በላይ አይለውጠውም፤ ማንም ልብ አይለውም። ፍሰቱ 4.7 ሲሆን ግን መለኪያው 5.6 ገደማ ያነባል፤ ስሕተቱ 18 በመቶ ነው። ቫልቩ ጥርቅም ተደርጎ ቢዘጋስ? ስክሪኑ በሰዓት 3 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እያለፈ እንደሆነ ይናገራል። ስኩዌር ሩት ከዜሮ አጠገብ እንዲህ ነው፤ ትንሹን ግፊት አጉልቶ ያወጣዋል። በዝቅተኛ ፍሰት ላይ ንባቡ ወደ ዜሮ እንዲቆረጥ የሚደረገውና ኦሪፊስ ፕሌት ከሙሉ ልኩ ሩብ ወይም ሲሶ በታች እንዳይታመን የሚመከረው ለዚህ ነው። ፍሰቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች የሚውል ከሆነ ቀዳዳውን ወይም የትራንስሚተሩን ልክ ማሳነስ እንጂ ስኩዌር ሩቱን መክሰስ ትርጉም የለውም።

አስተያየት ሰጪው «ልማድ ሆኖ ቀርቷል» ያለውን ደግሞ በሌላው ጫፍ፣ ስኩዌር ሩቱ ሁለት ጊዜ ሲወጣ፣ አይቼዋለሁ። አንድ ሥራ ላይ መለኪያው በሰዓት 33 ሜትር ኩብ ያነባል፤ ታንኩ የተቀበለው ግን በሰዓት 23.5 ገደማ ነበር። ልዩነቱን የሚያስረዳ ጠፍቶ የተቀበረው ቧንቧ ያፈስሳል ተባለና መሬቱ ተቆፈረ። ደረቅ ነበር። ችግሩ ትራንስሚተሩ ስኩዌር ሩት አውጥቶ ይልካል፤ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ደግሞ ይህን ሳያውቅ በተቀበለው ላይ እንደገና ስኩዌር ሩት ያወጣል። ግማሽ የነበረው ፍሰት 70.7 በመቶ ሆኖ ይታያል። 47 ሲባዛ በ0.707 ደግሞ 33 ነው። መሣሪያው ሲተከል ተፈትሾ ነበር፤ ግን የተፈተሸው በዜሮና በሙሉ ልክ ብቻ ነበር። የዜሮ ስኩዌር ሩት ዜሮ፣ የአንድ ስኩዌር ሩት አንድ ስለሆነ ስሕተቱ በሁለቱም ጫፍ ይደበቃል።

ስለዚህ ፍተሻው መሐል ላይ መሆን አለበት፤ አንድ ነጥብም ይበቃል። ትራንስሚተሩን ከመስመሩ ለይታችሁ በእጅ ፓምፕ የሙሉ ልኩን ሩብ ግፊት ስጡት፤ በኛ ምሳሌ 6.25 ኪሎፓስካል። ስክሪኑ 50 በመቶ ፍሰት ካሳየ ሁሉም ደህና ነው። 25 ካሳየ ስኩዌር ሩቱን ያወጣው ማንም የለም። 71 ገደማ ካሳየ ሁለት ጊዜ ወጥቷል። ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ለመለየት ደግሞ ሽቦው ላይ ያለውን ሚሊአምፔር አንብቡ፤ 8 ከሆነ ትራንስሚተሩ ግፊቱን እንዳለ እየላከ ነው፣ 12 ከሆነ ስኩዌር ሩቱን እሱ አውጥቶታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስኩዌር ሩቱ በትክክል አንድ ጊዜ ወጥቶም ንባቡ ሊሳሳት ይችላል። ውሃውን የሚገፋው ባለ ፒስተን ፓምፕ ከሆነ ፍሰቱ ይርገበገባል። ግማሹን ጊዜ 80 በመቶ፣ ግማሹን 20 በመቶ ቢሆን አማካዩ 50 ነው። የግፊት ልዩነቱ ግን አንዴ 64፣ አንዴ 4 በመቶ ነው፤ ትራንስሚተሩ መርገብገቡን ሊያለዝብ እነዚህን ሲያማክል 34 ያገኛል፤ የዚያ ስኩዌር ሩት 58 በመቶ ነው። መለኪያው ከእውነተኛው ፍሰት ሁልጊዜ አብልጦ ያነባል። ንባቡ የረጋ ስለሚመስልም ማንም አይጠረጥረውም። ማለዘቢያውን ከፍ ማድረግ አይፈውሰውም፤ የሚፈውሰው ፓምፑ አጠገብ መርገብገቡን የሚውጥ የአየር ትራስ ያለው ዕቃ መትከል ወይም መለኪያውን ከፓምፑ ማራቅ ነው።