የአገር ምርትን በወጪና በገቢ ዘዴ ማስላት

ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት በወጪ ዘዴ ሲሰላ በዓመቱ ለተመረቱ የመጨረሻ ሸቀጦችና አገልግሎቶች የወጣው ገንዘብ ይደመራል። በገቢ ዘዴ የሚደመረው ያንኑ ምርት ያመረቱት ያገኙት ነው። የገዢው ወጪ የሻጩ ገቢ ስለሆነ ሁለቱ ድምሮች እኩል መምጣት አለባቸው። ሳይገጥሙ ሲቀሩ የልዩነቱ መጠን ራሱ ስሕተቱ የት እንዳለ ይጠቁማል።

ለልምምድ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ እንውሰድ (በቢሊዮን ብር)።

| ዝርዝር | መጠን |
|---|---|
| የቤተሰብ ወጪ (18ቱ ለአሮጌ መኪና) | 638 |
| የተጣራ ኢንቨስትመንት | 130 |
| የእርጅና ቅናሽ | 70 |
| የመንግሥት ወጪ (25ቱ ለጡረታና ለሴፍቲኔት) | 155 |
| ወደ ውጭ የተላከ | 80 |
| ከውጭ የገባ | 150 |
| ደመወዝ | 360 |
| ኪራይና ወለድ | 110 |
| የግል ሥራ ገቢ | 140 |
| የኩባንያ ትርፍ ከታክስ በፊት | 120 |
| ለባለአክሲዮኖች የተከፋፈለ ትርፍ | 45 |
| ቀጥተኛ ያልሆነ ታክስ | 95 |
| ድጎማ | 15 |
| ከውጭ የተላከ ሐዋላ | 40 |

በወጪ በኩል መጀመሪያ በቅንፍ ያሉት ይነሣሉ። አሮጌው መኪና በተመረተበት ዓመት ተቆጥሯል፤ ዘንድሮ ባለቤት ቀየረ እንጂ አዲስ ነገር አልተመረተም። የደላላው ኮሚሽን ግን የዘንድሮ አገልግሎት ስለሆነ ይቆጠራል። ጡረታና ሴፍቲኔትም መንግሥት በምላሹ ሸቀጥ ወይም አገልግሎት ሳይቀበል የሚሰጠው ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ፍጆታ 620፣ የመንግሥት ግዥ 130 ይሆናል። ኢንቨስትመንቱ የተጣራ ስለሆነ የእርጅና ቅናሹ ተመልሶ ሲጨመርበት 200 ይመጣል። ከውጭ የገባው የሚቀነሰው የአገሩን ምርት ስለሚያሳንስ አይደለም፤ በፍጆታ፣ በኢንቨስትመንትና በመንግሥት ግዥ ውስጥ አብሮ ስለተቆጠረ ነው።

620 + 200 + 130 + 80 − 150 = 880

በገቢ በኩል ደመወዝ፣ ኪራይና ወለድ፣ የግል ሥራ ገቢና ትርፍ ተደምረው 730 ይሆናሉ። የተከፋፈለው 45 የትርፉ አካል ስለሆነ ዳግም አይገባም። ገበያ ላይ የሚከፈለው ዋጋ ታክስንም የመሣሪያ እርጅናንም ስለሚይዝ እነዚህ ይጨመራሉ፣ ድጎማው ይቀነሳል።

730 + 70 + 95 − 15 = 880

አሁን ስሕተት ፍለጋው። ወጪው 923 ቢመጣ፣ ብልጫው 43 የመኪናውና የጡረታና ሴፍቲኔቱ ድምር ነው። 810 ቢመጣ የተረሳው የእርጅና ቅናሽ ነው። ገቢው 925 ከሆነ የተከፋፈለው ትርፍ ሁለቴ ገብቷል። 910 ከመጣ ደግሞ ድጎማው በመቀነስ ፈንታ ተደምሯል፤ የምልክት ስሕተት ልዩነቱን ምንጊዜም እጥፍ ያደርገዋል።

የሐዋላ ስሕተት ግን በዚህ መንገድ አይገኝም። ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ የሚልከው ገንዘብ ስጦታ እንጂ አገር ውስጥ ለተመረተ ነገር የተከፈለ ዋጋ አይደለም፤ ቤተሰቡ ጤፍ የገዛበት በ620ው ውስጥ አለ። አንድ ሰው 40ውን ከፍጆታም ከገቢም ላይ ቢደምረው ሁለቱም 920 ይሆኑና እኩል ይመስላሉ።