ወታደር ከመንዳትህ በፊት d5ን እይ

ደሴ ፒያሳ ቼዝ ሲዘረጋ የማይቀር ክርክር አለ። ንጉሦቹ በተቃራኒ ጎን ካስል የሚያደርጉ ከሆነ ወታደር ወዲያው ይነዳል ወይስ መጀመሪያ መሀሉ ይያዛል? እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ተጋጣሚዬ መሀሉን መክፈት ይችላል?

ሲሲሊያን ድራጎንን እንውሰድ። ጥቁር በአጭሩ ካስል አድርጓል። ነጭ ጳጳሱን e3፣ ንግሥቷን d2፣ ወታደሩን f3 ላይ አድርጎ ዘጠነኛ እርምጃው ላይ ደርሷል። ቸኩሎ h4 ቢል ጥቁር d5 ብሎ መሀሉን ይከፍታል። ያኔ ካስል ያላደረገው የነጭ ንጉሥ ይጋለጣል፣ የጎኑ ጥቃትም ይረሳል።

ለዚህ ነው ብዙዎች 9.Bc4 የሚሉት። ጳጳሱ d5ን ይቆጣጠራል። ረጅሙ ካስልና h4 ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። በነፃ ግን አይደለም፤ ጥቁር ፈረሱን e5 አምጥቶ ጳጳሱን b3 ያስሸሸዋል።

መሀሉ በወታደሮች ከተቆለፈ ግን ምን ትጠብቃለህ? ንዳው!