የቤቲንግ በጀት ምንድን ነው?

ቤቲንግ የሚጫወት ጓደኛ «እኔ በልኬ ነው የምጫወተው» ሲለኝ ሁሌም አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ልክህ ስንት ብር ነው? ብዙዎቹ ቁጥር መጥራት አይችሉም። የቤቲንግ በጀት ማለት ይሄው ቁጥር ነው። ወሩ ሳይጀምር የሚቆረጥ፣ አንድ ብር ሳይቀር ቢያልቅም ኪራይ፣ አስቤዛና ለቤተሰብ የሚላከው ሳይነኩ የሚቀሩበት ገንዘብ ነው። ገና ሳትጫወቱበት እንደወጣ ይቆጠራል።

ለምን እንደወጣ? ኦዱን፣ ማለትም ስታሸንፉ ያስያዛችሁት ብር የሚባዛበትን ቁጥር ተመልከቱ። አንድ ጨዋታ ላይ ባለሜዳው 2.10፣ አቻ 3.20፣ እንግዳው 3.30 ተሰጥቷል እንበል። ማንም ያሸንፍ ማን 100 ብር እንዲደርሳችሁ ሦስቱም ላይ ብታስይዙ፣ 47.62፣ 31.25 እና 30.30 ብር ያስፈልጋችኋል። ድምሩ 109 ብር ገደማ ነው። 9 ብሩ የቤቲንግ ቤቱ ነው። እኛ አገር ደግሞ የሚወደደው ብዙ ጨዋታ የተደረደረበት ቲኬት ነው። እንዲህ ያለ ኦድ ያላቸውን አምስት ጨዋታዎች አንድ ቲኬት ላይ ስታስገቡ የቤቱ ድርሻ አምስቴ ይደራረባል፤ በብዙ ቲኬት አማካይ ከ100 ብር ወደ 64 ብር ብቻ ይመለሳል። አንድ ቀን ትልቅ ብር ሊመጣ ይችላል፣ ግን ኪራይ የሚከፈልበት ገቢ አይደለም።

አሁን አዲስ አበባ የሚኖር፣ በወር 12,000 ብር እጁ የሚገባ ልጅ እናስብ። ለኪራይ ድርሻው 4,500፣ ለምግብና ለትራንስፖርት 4,500፣ አገር ቤት ላለች እናቱ 1,500፣ ለዕቁብ 1,000። የቀረው 500 ነው። በጀቱ የሚቆረጠው ከዚህ 500 ነው እንጂ ከ12,000ው አይደለም። 200 ብር ወሰነ፣ በሳምንት 50። የቀረው 300 ለድንገተኛ ነገር ይቀመጣል።

ቁጥሩን መወሰን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ገንዘቡ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ደመወዙ በገባበት አካውንት ኪራዩም፣ የእናቱም፣ የቤቲንጉም ብር አብሮ ካደረ፣ በጀቱ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ነው። ቅዳሜ ፕሪሚየር ሊግ ላይ 50ው ተቃጠለ። ማክሰኞ ማታ ሻምፒዮንስ ሊግ አለ፣ ስልኩ ላይ 4,500 ብር ይታየዋል፣ ኪራይ የሚከፈለው ደግሞ ገና ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ እና «ለሁለት ቀን ልውሰደውና እመልሰዋለሁ» ይላል። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህች ጋ ነው። ስለዚህ ደመወዝ በገባበት ቀን የእናት ይላካል፣ ዕቁብ ይጣላል፣ ኪራይም አከራይዋ ከተቀበሉ ያኔውኑ ይከፈላል፣ ካልሆነ ቤቲንግ ከማያውቀው ሌላ ባንክ ይገባል። ቤቲንግ የሚከፈልበት ቴሌብር ላይ የሳምንቱ 50 ብር ብቻ ይሁን። ሒሳብ ሲያጥር በብድር የሚሞላ አገልግሎት ከዚያ ጋር አይገናኝ፤ ከተገናኘ 50ው ገደብ መሆኑ ቀረ።

ሁለተኛው ቀዳዳ ድል ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት 700 ብር በላ እንበል። ብሩ ቤቲንግ አካውንቱ ላይ ከቆየ የሚቀጥለው ሳምንት በጀቱ 50 ሳይሆን 750 ሆነ ማለት ነው፣ እሱ ግን አሁንም «በ50 ነው የምጫወተው» ብሎ ያምናል። በዚያው ማታ ሰባት መቶውን መልሶ አስይዞ ቢያቃጥል ደግሞ የጠፋው 50 ይመስለዋል። የጠፋው ግን የአንድ ሳምንት አስቤዛ ሊሆን ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ያሸነፈው ብር ወዲያው ወደ ባንክ ይውጣ፣ ቀጣዩ ሳምንት በ50 ይጀመር። የተረፈ በጀትም ወደሚቀጥለው ወር አይዞርም።

በጀቱ እየሠራ መሆኑን በቲኬት አትለኩ። ወደ ቤቲንግ የላካችሁትን በሙሉ ከቴሌብር ዝርዝር ላይ ደምሩ። 200 መሆን ሲገባው 340 ከሆነ፣ በጀት የለም። ከዚህ የሚብሰው ምልክት ስልክ ላይ ነው፤ «እማዬ፣ ደመወዝ ዘግይቶብኝ ነው» ብላችሁ ከዋሻችሁ፣ ያ ብር ከእናታችሁ ተወስዷል።

እዚህ ለደረሰ ሰው፣ የጠፋውን ለማስመለስ እየተበደረ ለሚጫወት፣ ቁጥሩን ከ200 ወደ 100 ማውረድ አይረዳውም። ለእሱ ትክክለኛው በጀት ዜሮ ነው። ደመወዙን ለጥቂት ወራት እህቱ ወይም ሚስቱ ትያዝለት፣ አካውንቱ ይዘጋ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያም ያናግር። ለብቻው ማቆም ቢያቅተው አያስነቅፈውም፤ ሱስ ሕመም ነው፣ ይታከማል።