የበዓል ዕለት አወጣጥ፦ ዓድዋ በ2030 ዓ.ም. በምን ዕለት ይውላል?

በየዓመቱ የካቲት 23 ማለዳ ፒያሳ በሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ የሚሰበሰበው ሰው ቀኑን አይጠያየቅም፤ ቀኑ አይለወጥምና። የሚለወጠው ዕለቱ ነው። የ2016ቱ የዓድዋ በዓል ቅዳሜ፣ የ2017ቱ እሑድ፣ የ2018ቱ ሰኞ፣ የ2019ኙ ማክሰኞ ሲሆን የ2020ው ግን ረቡዕን ዘልሎ ሐሙስ ላይ ያርፋል። በዚህ ጽሑፍ «ቀን» የተባለው የወሩ ቁጥር ነው፤ «ዕለት» የተባለው ደግሞ ከሰኞ እስከ እሑድ ካሉት ሰባቱ አንዱ ነው። ቀናቸው ቋሚ የሆኑ በዓላት ገና ባልደረሰ ዓመት የሚውሉበትን ዕለት ለማወቅ የዚያን ዓመት የታተመ ካላንደር መጠበቅ አያስፈልግም። በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ካሉት ስሌቶች እጅግ ቀላሉ ይበቃል፤ ብዕርና ቁራጭ ወረቀት ላለው ሰው ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ስሌቱ የቆመው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው፣ 365 ቀናት ያሉት ዓመት 52 ሙሉ ሳምንታትና አንድ ትርፍ ቀን ስለሆነ ማንኛውም ቋሚ በዓል በየዓመቱ አንድ ዕለት ወደፊት ይሄዳል። ሁለተኛው፣ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን ቀጥሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1ን አንድ ሳይሆን ሁለት ዕለት ገፍቶ ይቀበላል። ዓድዋ በ2020 ረቡዕን የሚዘልለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጳጉሜን 6 የምትገኘው በ2019 መጨረሻ ሲሆን ግፊቷ የሚታየው በማግሥቱ በሚገባው ዓመት ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ጭማሪውን በራሱ በሉቃስ ዓመት ላይ ያደርግና ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዕለት ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ሥራ መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ማግኘት ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ዓመተ ዓለሙ ለአራት ተካፍሎ የሚደርሰው ሙሉ ቁጥር መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ቀሪው ደግሞ ወንጌላዊውን ይነግራል፦ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ዓመተ ዓለሙና መጠነ ራብዒቱ ተደምረው ለሰባት ይካፈላሉ። ቀሪው 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ ነው፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። ቆጠራው ከማክሰኞ የሚነሣው የዓመተ ዓለም የመጀመሪያ ዓመት ማክሰኞ ገባ ተብሎ ስለሚቆጠር ነው፤ ሊቃውንቱ ይህን መነሻ ጥንተ ቀመር ይሉታል። ዓመተ ዓለሙ የየዓመቱን አንድ ዕለት፣ መጠነ ራብዒቱ ደግሞ የየጳጉሜን 6ን ተጨማሪ ዕለት ይዞ ስለሚመጣ ድምራቸው ከዚያ መነሻ ወዲህ የተገፋውን ዕለት ሁሉ በአንድነት ያሳያል።

ሁለተኛው ሥራ ከመስከረም 1 ተነሥቶ በዓሉ ድረስ መሄድ ነው፤ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው። ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ከአንዱ ወር መባቻ እስከ ቀጣዩ መባቻ አራት ሳምንትና ሁለት ቀን አለ። ስለዚህ ላለፈ ለእያንዳንዱ ወር ሁለት ዕለት፣ በዓሉ ባለበት ወር ውስጥ ደግሞ ከቀኑ ቁጥር አንድ ተቀንሶ የሚቀረው ይጨመራል። አንዱ ወር 28፣ ሌላው 31 በሚሆንበት የአውሮፓ አቆጣጠር ይህን ለማድረግ የአሥራ ሁለት ወር ሠንጠረዥ በቃል መያዝ ያስፈልጋል።

ለዓድዋ ሲሠራ፣ ከመስከረም እስከ ጥር አምስት ወራት ስላለፉ 10፣ ከየካቲት 1 እስከ 23 ደግሞ 22 ዕለት ነው። ድምሩ 32 ሲሆን አራት ሙሉ ሳምንታት፣ ማለትም 28፣ ሲነሣለት 4 ይቀራል። ይህች 4 የዓድዋ ቋሚ ቁጥር ናት፤ ዓድዋ በየትኛውም ዓመት ከመስከረም 1 ዕለት አራት ዕለት አልፎ ይውላል። ጥምቀትም ጥር 11 ስለሚውል 8 እና 10 ተደምረው 18፣ ከዚያ 14 ሲነሣ ያው 4 ነው። ስለዚህ ጥምቀትና ዓድዋ ሁልጊዜ በአንድ ዕለት ይውላሉ፤ በመካከላቸው ያለው 42 ቀን ልክ ስድስት ሳምንት ነው። በጃን ሜዳ ጥምቀት ሰኞ የተከበረበት ዓመት ዓድዋውም ሰኞ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የመስቀል ቁጥር 2፣ የሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን 1፣ የሚያዝያ 27 የአርበኞች በዓል 5 ነው። ስድስት ኪሎ ሐውልት የቆመላቸው ሰማዕታት የሚታሰቡበት የካቲት 12 ደግሞ ቁጥሩ ዜሮ ስለሆነ ከዘመን መለወጫ ጋር ሁልጊዜ አንድ ዕለት ነው።

አሁን የ2030ውን ዓድዋ እናውጣ። 5500 እና 2030 ሲደመሩ 7530 ይሆናሉ። ለአራት ሲካፈል 1882 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7530 እና 1882 ተደምረው 9412 ይሆናሉ። ይህን ለሰባት ለማካፈል ረጅሙን መንገድ መሄድ ግድ አይደለም፤ 9100 ለሰባት እኩል ስለሚካፈል ሲነሣ 312 ይቀራል፣ ከ312 ላይ 280 ሲነሣ 32፣ ከ32 ላይ 28 ሲነሣ 4። ቀሪው 4 ስለሆነ መስከረም 1 ቀን 2030 ዓርብ ነው። ከዓርብ ተነሥቶ አራት ዕለት ሲቆጠር ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። የ2030ው ዓድዋ ማክሰኞ ይውላል።

ስሌቱን ለመፈተን የሚሻለው ዕለቱ በታሪክ በታወቀ ዓመት መሞከር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከራሱ ከጦርነቱ የተሻለ ፈተና አይገኝም። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት እሑድ እንደተደረገ የታወቀ ነው፤ ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ ያለው የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስምም ከዚህ ድል ጋር ተያይዞ ይነሣል። ዓመተ ዓለሙ 7388፣ መጠነ ራብዒቱ 1847፣ ድምራቸው 9235 ነው፤ ለሰባት ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ መስከረም 1 ረቡዕ ነበር። ከረቡዕ አራት ዕለት ሲታለፍ እሑድ ይመጣል።

ይኸው ዓመት በአውሮፓውያን ቀን ተነሥተው ዕለት ለሚያወጡ ሰዎች ወጥመድ አለበት። ጦርነቱ በእነርሱ አቆጣጠር የተደረገው ማርች 1 ቀን 1896 ሲሆን ዛሬ የካቲት 23 የሚገጥመው ግን ማርች 2 ነው። በዓሉ አልተንቀሳቀሰም፤ የአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ስለዘለለ ነው ልዩነቱ የመጣው። በ2100ም እንዲሁ ስለሚዘልል ከ2092 ዓ.ም. ጀምሮ የዓድዋ በዓል ማርች 3 ላይ ይውላል። የኢትዮጵያው ጳጉሜን 6 ግን በየአራት ዓመቱ ሳትቋረጥ ስለምትመጣ ከላይ የተሠራው ስሌት በዚያም ጊዜ ምንም እርማት አይፈልግም። በእኔ እምነት ስሌቱን ከአገሩ ቀን ጀምሮ መሥራት የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ቋሚ ከሚባሉት በዓላት ውስጥ አንዱ ብቻ ጥንቃቄ ይሻል፤ እርሱም ገና ነው። ገና በሦስቱ ወንጌላውያን ዘመን ታኅሣሥ 29 ሲውል በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ ባለፈው ጳጉሜን የተጨመረችው ቀን ከፅንሰቱ መጋቢት 29 እስከ ልደቱ ያለውን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን እንዳታስረዝም ነው። ስለዚህ የገና ቁጥር በሌላው ጊዜ 6፣ በዮሐንስ 5 ነው። በ2020 ይህ ልዩነት እስከ ማዕድ ይደርሳል። ዓመተ ዓለሙ 7520 ያለቀሪ ለአራት ስለሚካፈል ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ 7520 እና 1880 ተደምረው 9400፣ ለሰባት ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ መስከረም 1 እሑድ ነው። በ6 የቆጠረ ሰው ገናን ቅዳሜ ያደርገዋል፤ በትክክለኛው 5 የቆጠረ ዓርብ ያገኘዋል። ገና ዓርብ ሲውል ጾሙ ተሽሮ ይበላል፤ ቅዳሜ ነው ብሎ የተዘጋጀ ቤተሰብ ግን በበዓሉ ዕለት ሽሮ ሠርቶ፣ ዶሮውን ለማግሥቱ አሳድሮ ይገኛል።

ከዚህ ውጭ የሚያጋጥሙት ስሕተቶች ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ከ23 አንድ መቀነሱን ረስቶ መነሻውን ዕለት ሁለት ጊዜ በመቁጠር ነው፤ በዚህ የተሳሳተ ሰው ለሁሉም በዓል አንድ ዕለት ያሳልፋል። መጠነ ራብዒትን 1882 ተኩል ብሎ ወደ 1883 የሚያጠጋም አለ፤ ትርፉ ወንጌላዊውን ለማወቅ እንጂ ለመደመር አይደለም። ሁለቱንም ስሕተት የሚያጋልጠው ፈተና አንድ ነው፦ ሰው ዕለቱን በሚያስታውሰው ያለፈ በዓል ያንኑ አሠራር መሞከር። ደመራና ከተራ ደግሞ ከዋናው በዓል አንድ ዕለት እንደሚቀድሙ መታወስ አለበት፤ ለመስቀል አደባባይ ወይም ለጃን ሜዳ ዝግጅት ዕለት የሚያወጣ ሰው የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ይህን የዋዜማ ዕለት ነው።

በየአራት ዓመቱ አምስት ዕለት ስለሚገፋ ሰባት አራት ዓመታት፣ ማለትም 28 ዓመት፣ ሲሞላ 35 ዕለት ተገፍቶ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተረሳ የ2002 ዓ.ም. ካላንደር ካለ ለ2030ም ያገለግላል፤ የ2002ቱ ዓድዋም ማክሰኞ ነበር። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ለቋሚ በዓላት ብቻ ነው። ፋሲካና ከእርሱ ጋር የሚንቀሳቀሱት አጽዋማት በአበቅቴና በመጥቅዕ፣ ኢድና መውሊድ በጨረቃ ስለሚወሰኑ በዚህ ስሌት አይገኙም፤ በዚያ አሮጌ ካላንደር ላይ ፋሲካ መጋቢት 26 ታትሞ ይገኛል፣ የ2030ው ፋሲካ ግን ሚያዝያ 17 ነው።