«የሚጠብቅ» እና «እየጠበቀ» በሩሲያኛ

ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የቆመን ሰው አስቡ። የእንግሊዝኛው «ኢንግ» ሁለት ነገር በአንድ ይሸፍናል፤ ሩሲያኛ ግን እንደ አማርኛችን ይለያቸዋል። «ባቡር የሚጠብቀው ሰው» ስንል ስምን እየገለጽን ስለሆነ ቃሉ «አዢዳዩሺ» ነው፤ በስሙ ጾታ፣ ቁጥርና በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለው ሙያ መሠረት ይለዋወጣል። «ባቡር እየጠበቀ ጋዜጣ አነበበ» ስንል ግን «አዢዳያ» ይሆናል፤ ይህኛው ፈጽሞ አይለወጥም።

ተማሪን የሚጥለው ይህ አለመለወጡ ነው። በአማርኛ «ባቡር እየጠበቅሁ ዝናብ ጀመረ» ብንል ጠባቂው ማን እንደሆነ «ሁ» ትነግረናለች። «አዢዳያ» እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው የዋናውን ግስ ባለቤት ይወስዳል። ስለዚህ «አዢዳያ ፖየስት፣ ናቻልሳ ዶሽት» ካላችሁ ባቡር የጠበቀው ዝናቡ ይሆናል። ትክክለኛው «ካግዳ ያ ዥዳል ፖየስት፣ ናቻልሳ ዶሽት» ነው፤ «ባቡር ስጠብቅ ዝናብ ጀመረ» ማለት ነው።