ከላይ የቆመው ፌሮ ምን ይነግረናል? የመሠረት ፍተሻ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ካልን ከሶሌታው በላይ ፌሮ አቁመው የቀሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። ባለቤቶቹ ገንዘብ ሲገኝ አንድ ፎቅ እንጨምራለን ብለው የተውት ነው። ባለፈው የእንዲህ ዓይነት ቤት ባለቤት የሆኑ እናት ጠሩኝና ወደ ላይ እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ፌሮው እኮ ተዘጋጅቷል፤ ታች ያለው ይችላል ማለት አይደል?» አሉኝ።

አይደለም። ፌሮው የሚነግረን የባለቤቱን ሐሳብ ነው። መሠረቱ ለምን ያህል ክብደት እንደተሠራ አይናገርም። የመሠረት ፍተሻ የሚባለው ይህንኑ የማወቅ ሥራ ነው፦ ከላይ የሚጨመረው ክብደት በኮለኑ አልፎ ከሥሩ የተቀበረው ሰፊ የኮንክሪት መሠረት፣ ማለትም ፉቲንጉ ላይ ሲደርስ፣ ከፉቲንጉ ሥር ያለው አፈር ይሸከመዋል ወይ?

ሥራው የሚጀመረው በቁፋሮ ነው። እኛ አንድ የመሀል ኮለንና አንድ የዳር ኮለን መርጠን ከጎናቸው ጉድጓድ አስቆፈርን። ሁለቱን በአንድ ቀን ክፍት አላደረግንም፤ ከፉቲንጉ ሥርም አልገባንም። የፈለግነው ጠርዙን አግኝተን ስፋቱን፣ ውፍረቱንና ከሥሩ ያለውን አፈር ማየት ብቻ ነው። የመሀሉ ፉቲንግ 1.2 በ1.2 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከሥሩ ጠጠር የተቀላቀለበት አሸዋ አለ። የአፈር ምርመራው ለአንድ ካሬ ሜትር 150 ኩንታል ፈቀደልን። ስለዚህ ይህ ፉቲንግ የሚችለው ወደ 216 ኩንታል ነው። (ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ቢሆን ደግሞ በጎርፍ የመጣ ልል ደለል ወይም የተሞላ አፈር ሊገኝ ይችላል። የጎረቤትን ውጤት ወስዶ መሥራት አያዋጣም።)

አሁን ክብደቱን እንቁጠር። ኮለኖቹ አራት አራት ሜትር ስለሚራራቁ አንዱ የመሀል ኮለን የ16 ካሬ ሜትር ድርሻ ይሸከማል። 15 ሳንቲ ውፍረት ያለው ሶሌታ በካሬ ሜትር ወደ 4 ኩንታል ይጠጋል። ቢሙ፣ ኮለኑ፣ የምድር ቤቱ ብሎኬትና ፉቲንጉ ራሱ ሲደመሩ ቤቱ አሁን እንዳለ 190 ኩንታል ገደማ ያርፍበታል። እንግዲህ የቀረው 26 ኩንታል ብቻ ነው።

«እኔ እኮ ከላይ ቆርቆሮ ነው የማለብሰው» አሉ እናታችን። እውነት ነው፣ ቆርቆሮው ቀላል ነው። ከባዱ ሌላው ነው። የላይኛው ቤት የብሎኬት ግድግዳ 50 ኩንታል ያህል ይሆናል። ሰገነት የነበረው ሶሌታ ወለል ሲሆን ሊሾና ሴራሚክ ይለብሳል፣ ሰውና ዕቃ ይገባበታል፤ ይህ ከ30 ኩንታል በላይ ነው። አዲሱ ኮለን፣ ቢምና ጣሪያ ሲታከሉ ጭማሪው 110 ኩንታል ይደርሳል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ሁለት ጊዜ መጥቶ አንዱ ኮለን ላይ እንደማራገፍ ነው። ድምሩ 300 ኩንታል ሆነ። ፉቲንጉ ቢያንስ 2 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ጎኑ ከ1.4 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መሆን ነበረበት።

ኮለኑስ? 25 በ25 ሳንቲ ነው። ኮንክሪቱ ደህና ከሆነ ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ክብደት ይበቃል። ብዙዎቻችን የምንፈራው ኮለኑን ነው፤ ቀድሞ የሚያንሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የማይታየው ፉቲንግ ነው። ኮለኑ ላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። ልስኑን አንስተን ስናይ ቋሚዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስሩት ስታፋዎች በጣም ተራርቀዋል። ድሬዳዋ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለች ከተማ ናት። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቤቱ ወደ ጎን ይገፋል፤ ላይ ክብደት በጨመርን ቁጥር ግፊቱም ይጨምራል። ያን ጊዜ ፌሮውን አቅፎ የሚይዘው ስታፋው ነው። ከላይ የቆመውንም ፌሮ ለካሁት። ባለ 12 ሚሊ ሆኖ 30 ሳንቲ ብቻ ወጥቷል። ከአዲሱ ጋር በደንብ ለመደራረብ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ያስፈልገው ነበር። ዝገቱም በብረት ብሩሽ ሲታሽ እየተላጠ ይረግፋል።

ይህን ሁሉ ዘሎ የሠራ ሰው ችግሩን የሚያየው ቆይቶ ነው። አንዱ ፉቲንግ ከሌላው የበለጠ ይሰምጣል። መጀመሪያ በር አልገጥም ይላል። ቀጥሎ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ይወጣል። ስንጥቁ ላይ ቀን ጽፋችሁ ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ምልክቱን አልፎ ከሄደ መስመጡ አልቆመም ማለት ነው።

መፍትሔ አለው። የመሀል ፉቲንጎቹን አንድ በአንድ ቆፍሮ፣ ሶሌታውን በድጋፍ ይዞ፣ አሮጌውን ኮንክሪት በስቶ ፌሮ በማስገባት ዙሪያውን ማስፋት ይቻላል። ኮለኑም በአዲስ ፌሮና ስታፋ ታጥሮ ኮንክሪት ይለብሳል። አስቸጋሪው የዳር ኮለን ነው። አጥሩ ላይ ስለተሠራ ፉቲንጉን ወደ ጎረቤት ግቢ ማስፋት አይቻልም። በአንድ ጎን ብቻ ከሰፋ ደግሞ ክብደቱ መሀል ላይ አያርፍም፤ ፉቲንጉ ያጋድላል።

ለዚህ ነው የእናታችን ዲዛይን የተቀየረው። የላይኞቹ ክፍሎች ከአጥሩ ሸሽተው ወደ መሀል ገቡ፣ በአጥሩ በኩል ያለው ክፍት ሰገነት ሆኖ ቀረ። ግድግዳውም ከብሎኬት ወደ ቀላል ፓናል ተለወጠ። አሁን ፕላኑ ለከተማው የሕንፃ ሹም ገብቷል። ፈቃዱ እስኪወጣ የቆፈርናቸውን ጉድጓዶች መልሰን ደፍነናቸዋል።