የቤት ለቤት የጤና ትምህርት ዕቅድ ምንድን ነው? የእጅ መታጠብና የንጹህ መጠጥ ውሃ ምሳሌ

በማህበረሰብ ጤና ነርሲንግ ትምህርት ለተማሪዎች ከሚሰጡት የተግባር ሥራዎች አንዱ፣ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንጹህ የመጠጥ ውሃ በቤተሰብ ደረጃ የሚካሄድ የትምህርት ዘመቻ ማቀድ ነው። ዕቅዱ በአንድ በተወሰነ አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሁን የሚያደርጉትን በዓይን አይቶ የሚመዘግብ፣ ከዚያም ውስጥ በሽታ የሚያስተላልፈውን አንድ ወይም ሁለት ልማድ የሚለይ፣ ልማዱን ለመለወጥ ማን ምን መቼ እንደሚያደርግ የሚወስንና ለውጡን በዚያው መለኪያ ተመልሶ የሚያረጋግጥ ሰነድ ነው። ፖስተርና በራሪ ወረቀት በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ሊኖራቸው ይችላል፤ ነገር ግን የሚዘጋጁት ከላይ የተጠቀሱት ነገሮች ከታወቁ በኋላ ነው።

የሰነዱ ቅርጽ የነርሲንግ ሂደትን ይከተላል፤ ዳሰሳ፣ የችግር ልየታ፣ ዕቅድ፣ ትግበራና ግምገማ። ብዙ ተማሪዎች ዳሰሳውን በመጠይቅ ብቻ ጨርሰው ወደ ማስተማር ይሮጣሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ምግብ ከማዘጋጀትዎ በፊት እጅዎን ይታጠባሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ትክክለኛው መልስ የትኛው እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል «አዎ» ይላል። ሰዎች ስለ እጅ መታጠብ ራሳቸው የሚናገሩት ሲታዩ ከሚያደርጉት በእጅጉ እንደሚበልጥ በዚህ ሙያ በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ነገር ነው። ስለዚህ ነርሷ ከመጠየቅ ይልቅ እንዲያሳዩዋት ብትጠይቅ ይሻላል፤ «እጅ የምትታጠቡበትን ቦታ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ብላ ቦታው ላይ ውሃ መኖሩን፣ ሳሙና መኖሩን፣ ሳሙናው እርጥብ ይሁን ደረቅ ትመለከታለች። «የምጠጣው ውሃ ይሰጡኛል?» ብላ ስትጠይቅም ውሃው ከምን ዕቃ፣ በምን ተቀድቶ፣ በየትኛው እጅ ተይዞ እንደሚመጣ ታያለች። ይህች አንዲት ኩባያ ውሃ ከረጅም መጠይቅ የበለጠ ትናገራለች።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪዋ የተመደበላት ከ5 ዓመት በታች ልጆች ያሏቸው 30 ቤተሰቦች የሚገኙበት አካባቢ ነው እንበል። ሁሉም ውሃ የሚቀዱት በክሎሪን ከታከመ የጋራ ቧንቧ ነው። ስትጠይቃቸው ሁሉም እጃቸውን እንደሚታጠቡ ነግረዋታል፤ ስታይ ግን ሳሙናና ውሃ በአንድ ቦታ ያገኘችው በ9 ቤቶች ብቻ ነው። በቀሪዎቹ አብዛኞቹ ሳሙና አለ፤ የተቀመጠው ግን ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ ቤት ውስጥ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ጓሮ ነው። በ22 ቤቶች የመጠጥ ውሃ የሚቀመጠው አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ሲሆን፣ ልጆችም አዋቂዎችም ኩባያ እየነከሩ ይቀዳሉ። በቀላል የክሎሪን መለኪያ ስትመረምር በቧንቧው ላይ በሊትር 0.4 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን፣ ማለትም ጀርም ለመከላከል በውሃው ውስጥ የቀረ ክሎሪን፣ አገኘች፤ በቤት ውስጥ ከባልዲዎቹ በወሰደችው ናሙና ግን ምንም አልነበረም።

ይህ ግኝት የዘመቻውን መልእክት ይለውጠዋል። ውሃው ከምንጩ ሲነሳ ጤነኛ ነበር፤ የተበከለው በመንገድና በቤት ውስጥ ነው። እጅ የነካው ኩባያ በገባ ቁጥር ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ክሎሪኑን ያጣል፤ ክሎሪኑ ካለቀ በኋላ የሚገባ ጀርም የሚያስቆመው ነገር አያገኝም። ለእነዚህ ቤተሰቦች «ከንጹህ ምንጭ ቅዱ» የሚል ትምህርት መስጠት የሌለባቸውን ችግር ማከም ነው። ስለዚህ ተማሪዋ የለየችው ችግር በማህበረሰብ ነርሲንግ አጻጻፍ እንዲህ ይነበባል፦ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ለተቅማጥ በሽታ የመጋለጥ አደጋ፣ ይህም ሳሙና በመታጠቢያ ቦታ ካለመኖሩና የመጠጥ ውሃ በሰፊ አፍ ዕቃ ተቀምጦ በኩባያ እየተነከረ ከመቀዳቱ ጋር የተያያዘ፤ ማስረጃውም ከ30 ቤቶች በ21ዱ ሳሙናና ውሃ አብረው አለመገኘታቸውና በ22ቱ የተነከረ ውሃ ቀሪ ክሎሪን አለመኖሩ። ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነገር ግን ማን፣ ምን፣ ለምንና በምን ማስረጃ የሚሉትን አራት ጥያቄዎች በአንድ ላይ ይመልሳል።

ከዚህ የሚወጣው ዓላማ «የቤተሰቡ ግንዛቤ ይጨምራል» የሚል ከሆነ ሰነዱ ዋጋውን ያጣል፤ ግንዛቤ መጨመሩን ማንም ሊያይ አይችልምና። በምሳሌያችን ዓላማዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። በ6 ሳምንት መጨረሻ ሳይነገር በሚደረግ ጉብኝት፣ ቢያንስ በ20 ቤቶች ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ሳሙናና ውሃ አብረው ይገኛሉ። በዚያው ጉብኝት ቢያንስ በ20 ቤቶች የመጠጥ ውሃ ክዳን ባለው ዕቃ ተቀምጦ፣ ሳይነከር በማፍሰስ ወይም በዕቃው ላይ ባለ ቧንቧ እየተቀዳ፣ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ቀሪ ክሎሪን ይይዛል። ሦስተኛና አራተኛ ዓላማ ለመጨመር የሚገፋፋ ነገር ሁልጊዜ አለ፤ በእኔ እምነት ግን ሁለቱን በትክክል የያዘ ዕቅድ ስድስቱን ከዘረዘረው ይበልጣል፤ አንዲት እናት በአንድ ጉብኝት ይዛ የምትቀረው ያን ያህል ነውና።

ትምህርቱ የሚሰጠው በአጫጭር ጉብኝቶች ሲሆን እያንዳንዱ ከ20 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። በመጀመሪያው ጉብኝት ስለ ጀርም ከመናገር በፊት ሳሙናው ቦታውን እንዲያገኝ ይደረጋል። ውሃ የያዘ ትንሽ ጀሪካን ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ በገመድ ይንጠለጠላል፤ ሳሙናውም ተበስቶ በአጠገቡ ይታሰራል፤ ሥራውንም ቤተሰቡ ራሱ ይሠራዋል። ከዚያ እጅ መታጠብ የማይታለፍባቸው ጊዜያት ይነሳሉ፦ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ የሕጻን ልጅ ዓይነ ምድር ከተጸዳ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀት፣ ከመብላትና ልጅ ከመመገብ በፊት። እጁ በሳሙና የሚታሸው ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ሲሆን፣ የጣቶች መሃል፣ የአውራ ጣትና የጥፍር ሥር የሚረሱ ቦታዎች ናቸው። ነርሷ ካሳየች በኋላ የምትማረዋ እናት ወይም አያት ደግማ ታሳያለች፤ ትምህርቱ ተላልፏል የሚባለው ያኔ ነው። ሕጻኑን ቀን ቀን የምትይዘው አያት ወይም ታላቅ እህት ከሆነች እናትየዋን ብቻ ማስተማር አይበቃም፤ ይህን በዳሰሳው ጊዜ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉብኝት የውሃው ነው። ባልዲው ክዳን ባለውና አፉ ጠባብ በሆነ ጀሪካን ይተካል፤ አፉ እጅ የማያስገባ መሆኑ ከማንኛውም ምክር የበለጠ መከላከያ ነው። ጀሪካኑ ከመሞላቱ በፊት ውስጡ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ቀሪ ክሎሪኑ ለማይቆይላቸው ቤቶች በቤት ውስጥ ክሎሪን መጨመር ይቻላል፤ መጠኑን ግን ተማሪዋ ራሷ ማስላት አለባት። ለጠራ ውሃ የሚፈለገው በሊትር 2 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ 20 ሊትር 40 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይፈልጋል። ጥንካሬው 1 በመቶ የሆነ ፈሳሽ ክሎሪን በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ 4 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በአካባቢው ያለው 5 በመቶ ከሆነ ግን መጠኑ ወደ 0.8 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። ስለዚህ «አንድ ክዳን ጨምሩ» የሚለው ምክር በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ጥንካሬ ሳያነቡ የሚሰጥ ከሆነ አደገኛ ነው። ሽቶ ያለበት የልብስ ማንጫ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም። ክሎሪኑ ከተጨመረ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድሞ ረግቶ በንጹህ ጨርቅ ይጠለላል፤ መጠኑም እጥፍ ይሆናል። ክሎሪን ሁሉንም እንደማይገድል፣ በተለይ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ እንደሚቋቋመው ማወቅም የተማሪዋ ድርሻ ነው፤ ማፍላት ግን እሱንም ይገድለዋል።

ዘመቻው የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሲሆን ምልክቶቹም የታወቁ ናቸው። ሳሙናው ደረቅና የተሰነጠቀ ከሆነ ማንም አልነካውም ማለት ነው። ጀሪካኑ በንጽህና ተቀምጦ ባልዲው ግን እርጥብ ከሆነ፣ ጀሪካኑ ለእንግዳ፣ ባልዲው ለቤተሰብ ሆኗል። ቤተሰቡ «ሽታው አልተስማማንም» ካለ ነርሷ አትከራከርም፤ መጠኑን ትመረምራለች፤ ቀሪው ክሎሪን ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር ከ2 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ መጠኑ በዝቷልና። የጉብኝቱ ብዛትም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱ በታተመው፣ በፓኪስታኗ ካራቺ ከተማ በተካሄደው ጥናት ሳሙና በነጻ እየተሰጠ ቤተሰቦች በየሳምንቱ ሲጎበኙ፣ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሳንባ ምች በግማሽ ቀንሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተሙት የባንግላዴሽና የኬንያ ጥናቶች ደግሞ፣ ጉብኝቱ በጣም ተደጋጋሚ በነበረበት በባንግላዴሽ እጅ መታጠብን በተማረው ቡድን ተቅማጥ ሲቀንስ፣ ጉብኝቱ አነስተኛ በነበረበት በኬንያ አልቀነሰም። ልዩነቱን ጉብኝት ብቻ አምጥቶታል ማለት ባይቻልም፣ በአንድ ቀን ስብሰባ የሚያልቅ ዕቅድ የሚያቀርብ ተማሪ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ግምገማው የሚደረገው ዳሰሳው በተደረገበት መንገድ ነው፤ ያው የመመልከቻ ቅጽ፣ ያው የክሎሪን መለኪያ፣ ያው 30 ቤት። ጉብኝቱ ቀድሞ ከተነገረ ሳሙናው ለዕለቱ ስለሚወጣ ቀኑ አይነገርም፤ የቤተሰቡን ፈቃድ ግን በመጀመሪያው ጉብኝት መጠየቅና «ሳልናገር ልመጣ እችላለሁ» ብሎ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የተቅማጥ ቁጥር መቀነሱን እንደ ውጤት ማቅረብ ደግሞ በዚህ ደረጃ ትክክል አይደለም፤ በ30 ቤትና በ6 ሳምንት ውስጥ የሚታየው መውጣትና መውረድ ከዘመቻው ይልቅ ከወቅቱና ከአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። በምሳሌያችን ሳሙናና ውሃ አብረው የተገኙባቸው ቤቶች ከ9 ወደ 21 አድገው፣ ቀሪ ክሎሪን የተገኘው ግን በ14 ቤቶች ብቻ ቢሆን፣ ተማሪዋ የመጀመሪያው ዓላማ እንደተሳካ፣ ሁለተኛው እንዳልተሳካ ትጽፋለች፤ ቀጥላም በ16ቱ ቤቶች ቀሪ ክሎሪን ያልተገኘው በዋጋ፣ በክሎሪኑ ሽታ ወይስ ልጆች ጀሪካኑን ለማዘንበል ስለከበዳቸው መሆኑን ለማወቅ ወደ እነዚያ ቤቶች የምትመለስበትን ቀን በሰነዱ ላይ ታስቀምጣለች።